የጎደለና የተሰበረ ዕቃ፦ ለአቅራቢዎ ደብዳቤ ከመጻፍዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ከመርካቶ የተነሳው አይሱዙ ጎሃ ጽዮን ላይ ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ፣ ደጀንን ወጥቶ፣ ደብረ ማርቆስንና ቡሬን አልፎ፣ በእንጅባራ በኩል ዳንግላ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ቀኑ መሽቷል። ሹፌሩ ደክሞታል፤ ጫኝ አውራጆቹ ሒሳባቸውን ተቀብለው መሄድ ይፈልጋሉ፤ ክረምት ከሆነ ደግሞ ዝናቡ ሸራውን እየደበደበው ነው። በዚያ ሰዓት ባለሱቁ የሚሰማው አንድ ቃል ነው፦ «ፈርሙልኝና ልሂድ።»

በማግስቱ ካርቶኑ ሲከፈት ጎደሎና ስብራት ይገኛል። ባለሱቁ ስልክ ያነሳል፤ አቅራቢው «እኛ አሟልተን ጭነናል» ይላል፤ ሹፌሩ «የጫንኩትን አውርጃለሁ» ይላል፤ የባለሱቁ ፊርማ ደግሞ «በትክክል ተረክቤያለሁ» ከሚለው ሥር ተቀምጧል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚጻፍ ደብዳቤ አቤቱታ እንጂ ማስረጃ አይሆንም። አቅራቢው ሊመልስለት የሚገደድ ደብዳቤ መሠረቱ የሚጣለው መኪናው ገና በር ላይ ሳለ ነው።

ከዚህ በታች ያሉትን ስድስት ነጥቦች በአንድ ምሳሌ እንያቸው። ምሳሌው ዳንግላ ውስጥ ያለ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ከአዲስ አበባ ያስመጣው አንድ ጭነት ነው። ዋጋዎቹ ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ ናቸው።

1. ቆጠራው ከየትኛው ወረቀት ጋር ነው?

ከዕቃው ጋር ሦስት ወረቀቶች ሊመጡ ይችላሉ፤ ሦስቱም የሚናገሩት የተለያየ ነገር ነው። የሽያጭ ደረሰኙ ስንት ብር እንደተጠየቁ ይናገራል። የማሸጊያ ዝርዝሩ፣ በነጋዴው አፍ ፓኪንግ ሊስት የሚባለው፣ የአቅራቢው ዕቃ ቤት በየትኛው ካርቶን ውስጥ ምን ያህል እንዳሸገ ይናገራል። ሹፌሩ የያዘው የጭነት ሰነድ ደግሞ ስንት ጥቅል መኪናው ላይ እንደወጣ ይናገራል፤ ውስጡ ስላለው ነገር አያውቅም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዕቃውን ከደረሰኙ ጋር ብቻ በማመሳከሩ ነው። በምሳሌያችን ደረሰኙ 24 ጋሎን ቀለም ያስከፍላል፤ ሱቁ የገባው 20 ነው። ባለሱቁ «4 ጋሎን ጠፋብኝ» ብሎ ቢጽፍ ተሳስቷል። የማሸጊያ ዝርዝሩ ራሱ «20 ጋሎን፣ ቀሪው 4 በሚቀጥለው ጭነት» ይላልና። አቅራቢው 4ቱን እንዳልላከ ያውቃል፤ ጥያቄው ያልተላከ ዕቃ ለምን ተከፈለበት የሚለው ነው። ይህን ከጎደሎው ጋር ደባልቀው ከጻፉት፣ አቅራቢው በቀላሉ የሚያፈርሰው አንድ ነጥብ ያገኛል፤ በእሱ ሰበብም ትክክለኛውን ጥያቄዎን ያቆየዋል።

ስለዚህ አንድ ወረቀት ወስደው አራት ዓምድ ያስምሩ፦ በደረሰኙ፣ በማሸጊያ ዝርዝሩ፣ በቆጠራ የተገኘ፣ ልዩነት። በዝርዝሩና በቆጠራው መካከል ያለው ልዩነት ጎደሎ ይባላል። በደረሰኙና በዝርዝሩ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ የሒሳብ ማስተካከያ ነው።

2. ሲፈርሙ ምን ብለው ፈረሙ?

መኪና ላይ ቆመው 60 ካርቶን ሴራሚክ እየከፈቱ መቁጠር አይቻልም፤ ሹፌሩም አይጠብቅም። ጥቅል መቁጠርና የካርቶኑን ውጫዊ ገጽታ ማየት ግን ይቻላል። በምሳሌያችን የማሸጊያ ዝርዝሩ 102 ጥቅል ይላል፦ 60 ካርቶን ሴራሚክ፣ 12 የእጅ መታጠቢያ ሲንክ፣ 4 ካርቶን የሲንክ ቧንቧ፣ 6 ካርቶን አምፖል እና 20 ጋሎን ቀለም። በር ላይ ሲቆጠር የተገኘው 101 ነው፤ 7 የሴራሚክ ካርቶኖችም ጥጋቸው ተጨፍልቋል።

በዚህ ጊዜ «አልፈርምም» ማለት አያስፈልግም። በሹፌሩ ቅጂም በእርስዎም ቅጂ ላይ፣ ከፊርማዎ በላይ፣ በእጅዎ እንዲህ ይጻፉ፦ «የተረከብኩት 101 ጥቅል ነው፤ 1 ካርቶን አምፖል አልደረሰም። 7 የሴራሚክ ካርቶኖች ተጨፍልቀዋል። የካርቶኖቹ ውስጥ ገና አልታየም።» ከዚያ ሹፌሩም ይፈርምበት፤ ስሙና የመኪናው ሰሌዳ ቁጥር ይጻፍ። «ውስጡ ገና አልታየም» የምትለው ዐረፍተ ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን በማግስቱ ታሽጎ በመጣ ካርቶን ውስጥ ጎደሎ ቢያገኙ የመጠየቅ መንገድዎን የምታቆይልዎ እሷ ናት።

ሹፌሩ አልፈርምም ካለ፣ አለመፈረሙን እዚያው ይጻፉና ያወረዱት ሰዎች ምስክር ሆነው ይፈርሙ።

3. ዕቃው የት እንደጎደለ ካርቶኑ ምን ይላል?

ደብዳቤው ለማን መጻፍ እንዳለበት የሚወስነው ጉዳቱ የደረሰበት ቦታ ነው፤ ቦታውን ደግሞ ማሸጊያው ይናገራል። ስለዚህ ካርቶን በጥድፊያ ተቀዶ አይጣልም።

ከአምፖሉ እንጀምር። አንድ ሙሉ ካርቶን አልመጣም። የሹፌሩ የጭነት ሰነድ ይታይ። ሰነዱም 101 ካለ፣ ካርቶኑ ከአቅራቢው ዕቃ ቤት ጭራሽ አልወጣም። ሰነዱ 102 ብሎ ሹፌሩ ከፈረመበት ግን ካርቶኑ መኪናው ላይ ወጥቶ በመንገድ ቀርቷል ማለት ነው፤ ምናልባትም ሌላ ከተማ ላይ ከሌላ ሰው ዕቃ ጋር ወርዷል። በምሳሌያችን የሹፌሩ ሰነድ 101 ይላል።

ቧንቧው ሌላ ነው። 4ቱም ካርቶኖች መጥተዋል፤ በየካርቶኑ 12 መኖር ሲገባው ቁጥር 4 የተጻፈበት ውስጥ 9 ብቻ ተገኘ። ማሸጊያ ፕላስተሩን ይመርምሩ። ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ካልተነካ፣ ጎደሎው የአሻጊው ነው። በላዩ ሌላ ቀለም ያለው ፕላስተር ከተደረበ፣ ወይም የመጀመሪያው ሲነሣ የካርቶኑን ወረቀት ልጦት ከሆነ፣ ካርቶኑ ከታሸገ በኋላ ተከፍቷል።

ስብራትም እንዲሁ ነው። ካርቶኑ ከውጭ ተጨፍልቆ ሴራሚኩ ከዚያው ጥግ ከተሰበረ፣ አጫጫኑ ወይም አወራረዱ ነው። ካርቶኑ ደህና ሆኖ ውስጡ የተሰነጠቀ ሲንክ ከተገኘ፣ ወይ ሲታሸግ የተሰነጠቀ ነው፣ ወይ በመካከሉ የሚገባው መደገፊያ አልተደረገለትም። የሲንክ ስንጥቅ ሁልጊዜ በዓይን አይታይም። በሳንቲም ጠርዙን ቀስ ብለው ቢመቱት ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ድፍን ነው። 12ቱንም እንዲህ ይፈትሹ። በምሳሌያችን 2ቱ ድምፃቸው ድፍን ሆኖ፣ ብርሃን ላይ ሲታዩ ከውሃ መውረጃው ቀዳዳ የሚነሣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ተገኘባቸው።

እርጥበት የነካውን ካርቶን ለብቻው ያስቀምጡ። ከሥሩ የራሰው ምናልባት እርስዎ ጋ መሬት ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ከላዩ የራሰው ግን ሸራው ያፈሰሰበት ነው። ገና ከመኪና ሳይወርድ ፎቶ ካላነሱት ይህን ልዩነት ማንም አያምንዎትም።

4. በመንገድ የደረሰው ጉዳት የማን ነው?

ይህን የሚመልሰው ውልዎ ነው። ርክክቡ አቅራቢው መጋዘን ነው ብላችሁ ከተስማማችሁና መኪናውን የተከራዩት እርስዎ ከሆኑ፣ በመንገድ ለተሰበረው ሴራሚክ የሚጠየቀው አጓጓዡ ነው። አቅራቢው ዳንግላ ድረስ ሊያደርስ ከተስማማ ግን፣ ዕቃው እጅዎ እስኪገባ ድረስ ኃላፊነቱ የእሱ ነው፤ ከሹፌሩ ጋር ያለው ሒሳብ የራሱ ጉዳይ ነው። አሻጊው ያጎደለው ወይም ሳይደግፍ ያሸገው ግን በሁለቱም መንገድ ወደ አቅራቢው ይመለሳል።

ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ በስልክ የተላላካችሁትን መልእክት ይፈልጉ። «እስከ ዳንግላ የትራንስፖርቱን ጨምሮ» የምትል አንዲት መልእክት ብትኖር ብዙ ትረዳለች። ውሉ ውስጥ የስብራት ይቅርታ መኖር አለመኖሩንም ይመልከቱ፤ አንዳንድ የሴራሚክ ሻጮች የተወሰነ መቶኛ ስብራት ገዢው እንዲችል ይጽፋሉ። እንዲህ ያለ ነገር ከፈረሙ መጠየቅ የሚችሉት ከዚያ በላይ ያለውን ብቻ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ስለዚህ ጉዳይ ይናገራል። ሻጩ ያቀረበው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን ያረጋግጣል፤ ገዢው ደግሞ ዕድል ባገኘ ጊዜ ወዲያው ዕቃውን መመርመርና ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ጉድለቱ ምን ዓይነት እንደሆነ መግለጽም ይጠበቅበታል። ለእርስዎ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ካርቶኑን ሳይከፍቱ ሦስት ሳምንት ቆይተው «ዛሬ አየሁት» ማለት መብትዎን ያዳክመዋል፤ «ዕቃው ልክ አይደለም» ብሎ መጻፍም አይበቃም።

5. ምን እንዲደረግልዎ ነው የሚፈልጉት?

ጎደሎውን ዘርዝሮ «አስፈላጊው እንዲደረግልን» ብሎ የሚያበቃ ደብዳቤ ውሳኔውን ለአቅራቢው ይተወዋል። ለእያንዳንዱ መስመር ከሦስቱ አንዱን ይምረጡ፦ ይላክልኝ፣ ይቀየርልኝ፣ ወይም ከሒሳቡ ይቀነስልኝ።

ምርጫው እንደ ዕቃው ይለያያል። አምፖሉ፣ ቧንቧውና ሲንኩ ሞዴላቸው አንድ እስከሆነ ድረስ ቢላኩ ችግር የለም። ሴራሚክ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንድ ዓይነት ስም ያለው ሴራሚክ በተለያየ ጊዜ ሲመረት በቀለሙም በመጠኑም በጥቂቱ ይለያያል። ለብቻው ሲያዩት አያስታውቅም፤ አንድ ክፍል ወለል ላይ ጎን ለጎን ሲነጠፍ ግን እንደ ጥገና ያስታውቃል። ለዚህ ነው በየካርቶኑ ላይ የምርት ዙሩ ቁጥር የሚታተመው። ምትክ ከጠየቁ ያንን ቁጥር በደብዳቤው ይጥቀሱ፤ ከዚያው ዙር ከሌለ ዋጋው እንዲቀነስ ይጠይቁ።

ከ7ቱ ካርቶኖች የተሰበረውን ሲቆጥሩም ሙሉ ካርቶን እንደጠፋ አድርገው አይጻፉ። በካርቶን 12 ሆኖ 84 ሰሌዳ ውስጥ የተሰበረው 31 ነው፤ 53ቱ ደህና ነው። 7 ካርቶን ብለው ቢጠይቁና አቅራቢው ሰው ልኮ 53 ደህና ሰሌዳ ቢያገኝ፣ የቀረው ጥያቄዎም ይጠረጠራል።

ስሌቱ እንዲህ ይሆናል። ሴራሚክ 31 በ100 ብር፣ 3,100 ብር። ሲንክ 2 በ2,500፣ 5,000 ብር። ቧንቧ 3 በ900፣ 2,700 ብር። አምፖል 1 ካርቶን፣ ማለትም 50 በ80፣ 4,000 ብር። የጎደሎና የስብራት ድምር 14,800 ብር፤ 15 በመቶ ቫት 2,220 ሲጨመርበት 17,020 ብር። ያልተላከው ቀለም ለብቻው 4 በ1,500፣ 6,000 ብር፤ ከነቫቱ 6,900 ብር። ሁለቱ አንድ ላይ 23,920 ብር ናቸው። ዋጋ የሚቀነስ ከሆነ ቫቱም አብሮ መስተካከል ስላለበት፣ በቃል «ለሌላ ጊዜ እናስበዋለን» ከሚልዎ ይልቅ የሒሳብ ማስተካከያ ሰነድ፣ ክሬዲት ኖት፣ ይጠይቁ። ያለሱ የእርስዎ መዝገብ ከደረሰኙ ጋር አይገጥምም።

በዱቤ የገዙ ከሆነ ሙሉውን ክፍያ አይያዙ። ያልተከራከሩበትን በቀኑ ይክፈሉና የተያዘው ስንት ብር እንደሆነና ለምን እንደተያዘ በደብዳቤው ይግለጹ። ሁሉን የያዘ ገዢ ራሱ ተከሳሽ ይሆናል።

6. ደብዳቤው መድረሱን በምን ያረጋግጣሉ?

በቴሌግራም ፎቶውን በዚያው ቀን ይላኩ፤ ፍጥነት አለው፣ ቀኑንም ይመዘግባል። ዋናውን ግን ማኅተም አድርገው ይላኩ። አዲስ አበባ ሰው ካለዎት በሁለት ቅጂ ያድርስልዎና ቀሪው ላይ «ደርሶናል» አስብሎ፣ ፊርማ፣ ቀንና ማኅተም ያስደርግበት። ከሌለዎት በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩና ደረሰኙን ያስቀምጡ።

መልስ እስኪመጣ የተሰበረውን ሴራሚክ አይጣሉ፣ የተሰነጠቀውን ሲንክ አይግጠሙ፣ በቅናሽም አይሽጡ። አቅራቢው ልየው የማለት መብት አለው፤ ባዶ ቦታ ካሳዩት ደብዳቤዎ ማስረጃውን አጣ ማለት ነው። የተጎዳው ዕቃ ከነካርቶኑ በአንድ ጥግ ተለይቶ፣ ወረቀት ተለጥፎበት ይቀመጥ።

ደብዳቤው ሲጻፍ

ስድስቱ ከተሟሉ ደብዳቤው አንድ ገጽ አይሞላም። ምሬት አያስፈልገውም፤ ቁጥሩ ይበቃዋል።

> ቁጥር፦ ________
> ቀን፦ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
>
> ለ ____________ (የአቅራቢው ድርጅት)
> አዲስ አበባ
>
> ጉዳዩ፦ በማሸጊያ ዝርዝር ቁጥር ____ ከተላከው ዕቃ የጎደለውንና የተጎዳውን ስለማሳወቅ
>
> በሽያጭ ደረሰኝ ቁጥር ____ የገዛነውና በሰሌዳ ቁጥር ____ መኪና የተላከልን ዕቃ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ዳንግላ ደርሶናል። በርክክቡ ጊዜ ከ102 ጥቅል 101 መድረሱንና 7 የሴራሚክ ካርቶኖች መጨፍለቃቸውን በሹፌሩ ሰነድ ላይ አስፍረን ሁለታችንም ፈርመናል። ጥቅምት 13 ቀን ካርቶኖቹን ከፍተን ከማሸጊያ ዝርዝሩ ጋር ስናመሳክር ያገኘነው የሚከተለው ነው።
>
> ሀ. የጎደለ
> 1. አምፖል፦ በዝርዝሩ 6 ካርቶን፣ የደረሰ 5፣ የጎደለ 1 ካርቶን (50 ፍሬ)። የሹፌሩ የጭነት ሰነድም 101 ጥቅል ብቻ መጫኑን ያሳያል። እንዲላክልን።
> 2. የሲንክ ቧንቧ፦ በዝርዝሩ 48፣ የተገኘ 45፣ የጎደለ 3። የጎደለው ከካርቶን ቁጥር 4 ሲሆን ማሸጊያው አልተነካም። እንዲላክልን።
>
> ለ. የተጎዳ
> 1. ሴራሚክ፦ 60 ካርቶን ደርሷል፤ በ7 ካርቶኖች ውስጥ 31 ሰሌዳ ተሰብሯል። የምርት ዙር ቁጥር ____። ከዚሁ ዙር ምትክ እንዲላክልን፤ ከሌለ ዋጋው እንዲቀነስልን።
> 2. የእጅ መታጠቢያ ሲንክ፦ 12 ደርሷል፤ 2ቱ ተሰንጥቀዋል፤ ካርቶናቸው ከውጭ ጉዳት የለበትም። እንዲቀየሩልን።
>
> የሀ እና የለ ዋጋ ከነቫቱ 17,020 ብር ነው።
>
> ሐ. የሒሳብ ማስተካከያ
> በደረሰኙ 24 ጋሎን ቀለም ተከፍሏል፤ በዝርዝራችሁ መሠረት የተላከው 20 ነው። ቀሪው 4 የሚላክበት ቀን እንዲገለጽልን፣ ወይም 6,900 ብር ከነቫቱ እንዲቀነስልን።
>
> የተጎዳው ዕቃ ከነማሸጊያው በሱቃችን ተለይቶ ስለተቀመጠ፣ እስከ ጥቅምት 24 ቀን ድረስ በወኪላችሁ በኩል ማየት ትችላላችሁ። በዚሁ ቀን ውሳኔያችሁ በጽሑፍ እንዲደርሰን እንጠይቃለን።
>
> ከሰላምታ ጋር
> (ስም፣ ፊርማ፣ ማኅተም)
>
> አባሪ፦ የማሸጊያ ዝርዝሩ ቅጂ፣ በሹፌሩ የተፈረመ የርክክብ ሰነድ ቅጂ፣ የቆጠራ ሠንጠረዥ፣ ፎቶዎች

አቅራቢው ይህን ሲያነብ ለእያንዳንዱ መስመር የራሱን ወረቀት ገልጦ ማየት ይችላል። አምፖሉን የሹፌሩ ሰነድ ያሳየዋል፤ ቧንቧውን ካርቶን ቁጥር 4ን ያሸገውን ሠራተኛ ይጠይቃል፤ ቀለሙ በራሱ ዝርዝር ላይ ተጽፏል። የሚያከራክር ከቀረ የሴራሚኩ ስብራት ብቻ ነው፤ እሱንም የርክክቡ ቦታ ይፈታዋል። ርክክቡ አዲስ አበባ ከነበረ የ«ለ»ን ቁጥር 1 ከዚህ ደብዳቤ አውጥተው ለአጓጓዡ ለብቻው ይጻፉ፤ ያኔ የዚህኛው ድምር በ3,565 ብር ቀንሶ 13,455 ይሆናል።

ስለዚህ የሚቀጥለው መኪና በር ላይ ሲቆምና ሹፌሩ ወረቀቱን ሲዘረጋ፣ መጀመሪያ የማሸጊያ ዝርዝሩን ይጠይቁት። እሱን ሳይዙ ቆጠራ አይጀምሩ፤ ሳይቆጥሩም አይፈርሙ።